ስህተት በልክ እንሰፋለን

የዘመኑን ብልሃት ሳናመሰግን አንለፍ። ድሮ ደብዳቤ የሚጽፍ ሰው ስህተቱን የሚያጠፋበት ላጲስ ከጎኑ ያስቀምጥ ነበር። ዛሬ ደብዳቤውን ማሽን ይጽፍለትና እሱ ቁጭ ብሎ ስህተት ይጨምርበታል። መሳሳቱ ራሱ የከበደው እንደሆነም አይጨነቅ፤ የማሽን ጽሑፍ ተቀብለው "ሰው የጻፈው እናስመስልልዎታለን" የሚሉ ፕሮግራሞች ሞልተዋል። ደንበኛው ይለካል፤ እዚህ ጋ አንድ ፊደል ይጠበብለታል፣ እዚያ ጋ አንድ አራት ነጥብ ይነቀልለታል፤ ከዚያ ሰው ሆኖ ይወጣል።

በመኪና መለዋወጫ መደብር ለመቀጠር የሚያመለክት አንድ ጎልማሳ እናስብ። ማሽኑ እንዲህ ብሎ ጻፈለት፦ "በሥራ ዘመኔ ያካበትኩት ልምድ፣ ያዳበርኩት ክህሎትና የገነባሁት ሥነ ምግባር ለድርጅትዎ ዕድገት ጉልህ አስተዋጽኦ እንደሚያበረክት አምናለሁ።" ሰውየው አነበበው፤ በጣም አማረበት፤ ማማሩ አስፈራው። ስለዚህ ከፍ ብሎ "ደንበኞች" የሚለውን "ደንኞበች" አደረገ፤ ዝቅ ብሎ "ነው" የሚለውን "ውነ" አለ፤ በየአንቀጹ አንዳንድ እያደለ እስከ መጨረሻው ወረደ። ፍትሐዊ ክፍፍል ነው፤ አንድም አንቀጽ ያለ ድርሻው አልቀረም።

እስቲ አሁን የመደብሩ ባለቤት ያንብቡት። አመልካቹ ከልጅነቱ ጀምሮ በቀን መቶ ጊዜ የሚጽፈውን "ነው" ስቷል። "ሥነ ምግባር"ን ግን በንጉሡ ሥ፣ "ዕድገት"ን በዐይኑ ዕ አሳምሮ ጽፏል። "አስተዋጽኦ" እንኳ አላደናቀፈውም። ይህ ቃል በየመሥሪያ ቤቱ "አስተዋፅዖ"፣ "አስተዋፆ"፣ "አስተዋጾ" እየሆነ የሚንገላታ ቃል ነው፤ የእኛ ሰው ግን ሳይነካው አለፈ። ገደሉን ዘልሎ ሜዳ ላይ የሚወድቅ አመልካች አጋጠማቸው ማለት ነው።

"ደንኞበች" ደግሞ ሌላ ጉድ አለው። በኮምፒዩተር አማርኛ የሚጽፍ ብዙ ሰው የሚጠቀመው የላቲን ቁልፎችን ነው፤ አንዱ ፊደል አብዛኛውን ጊዜ ከተነባቢና ከአናባቢ፣ ከሁለት ቁልፎች ይወለዳል። ጣት ሲስት የሚስተው ቁልፍ እንጂ ሙሉ ፊደል አይደለም። "ሰላም" ለማለት selam ሲመታ አንዷ a ብታመልጠው "ሰልም" ይወጣል። Shift መጫን ከረሳ T የነበረችው t ትሆንና "ጠቃሚ" ወደ "ተቃሚ" ይለወጣል። N ወደ n ስትወርድ ደግሞ "ጥሩ መኝታ" ብሎ ሊሰናበት የፈለገ ሰው ለወዳጁ "ጥሩ መንታ" ይልክለታል። እነዚህ ስህተቶች አባት አላቸው፤ የትኛው ጣት የት ላይ እንደዘገየ ይናገራሉ። ኞን ከበ ጋር ሙሉ ለሙሉ ማቀያየር ግን የጣት ሥራ አይደለም። ፊደሎቹን እንደ ካርታ በውዞ የደረደረ ፕሮግራም ነው፤ ወይም ፕሮግራም ለመምሰል የደከመ ሰው። ጆሮውን አምኖ የሚጽፍ ሰው "ደምበኛ" ይል ነበር፤ ን ከበ በፊት ስትመጣ አፍ ውስጥ ወደ ም ታደላለችና።

ሙያው አዲስ አለመሆኑን ደግሞ ለስህተት ሰፊዎቻችን ክብር ስንል እናስታውስ። አለን ቱሪንግ እ.ኤ.አ. በ1950 ባሳተመው ዝነኛ ጽሑፍ ማሽን ሰው ለመምሰል ሆን ብሎ በሒሳብ ሊሳሳት እንደሚችል ጠቅሷል። እዚያው ጽሑፍ ውስጥ በምሳሌነት ባቀረበው ጥያቄና መልስ ላይ 34957 እና 70764 እንዲደመሩ ይጠየቃል፤ መላሹ 30 ሰከንድ ያህል ቆይቶ 105621 ይላል። ትክክለኛው 105721 ነው። እስክሪብቶ አንሥታችሁ ደምሩት፦ ከአሥር ቤት ወደ መቶ ቤት የምትሻገረውን 1 ብትረሷት ቁልጭ ብሎ የሚወጣው ያው 105621 ነው። ሁላችንም ሦስተኛ ክፍል የተቆነጠጥንባት አንድ! ዝም ብሎ ቁጥር ያበላሸ ሰው 185721 ሊል ይችል ነበር፤ እሱ ግን የትም የማያደርስ ስህተት ነው፣ ምክንያት የለውም።

ከዚያ እ.ኤ.አ. በ1991 ቦስተን ውስጥ፣ በኮምፒዩተር ሙዚየም፣ ፕሮግራሞች ሰው ለመምሰል የሚፎካከሩበት የመጀመሪያው የሎብነር ሽልማት ውድድር ተካሄደ። አሸናፊው የጆሴፍ ዋይንትራውብ ፕሮግራም ነበር፤ ዳኞችን ከሸወደባቸው ዘዴዎች አንዱ የመተየብ ስህተት ማስመሰል ነው። ዘ ኢኮኖሚስት መጽሔት በዓመቱ ይህን አንሥቶ "ሰው ሠራሽ ድድብና" በሚል ርእስ አላገጠበት። የዛሬዎቹ ሰፊዎች እንግዲህ ከሠላሳ ዓመት በፊት የተሣቀበትን ጥበብ ነው እንደ አዲስ ፋሽን የሚያለብሱን።

እውነተኛውን ጉድለት የፈለገ ሰው የብራና መጻሕፍትን የሚመረምሩ ሊቃውንትን ይጠይቅ። ቁም ጸሐፊ ሲገለብጥ አንድ ቃል በሁለት መስመር ላይ ከተደገመ፣ ዐይኑ ከብራናው ተነሥታ ስትመለስ ሁለተኛው ላይ ታርፍና በመካከል ያለው ሁሉ ይዘለላል። ሁለት መጻሕፍት እዚያው ቦታ ላይ ያንኑ መዝለል ከያዙ መርማሪው አንዱ ከሌላው፣ ወይም ሁለቱም ከአንድ ምንጭ መገልበጣቸውን ይጠረጥራል። ስህተቱ የዘር ሐረግ ይሆናል ማለት ነው። በየገጹ አንዳንድ ፊደል እየቆጠረ የሳተ ቁም ጸሐፊ ግን እስካሁን ወሬውም አልተሰማም። ሰው ሲሳሳት ይነባበርበታል፤ ማለዳ ላይ ሦስት ገጽ ንጹሕ ይጽፋል፣ ሲደክመው በአንድ መስመር አራት ጊዜ ይደናቀፋል።

ፊደሉን እንኳ እንተወው። ያ አመልካች ራሱ ቢጽፈው ምን ይመስል ነበር? ስለ ዲፕሎማው ግማሽ መስመር ይበቃዋል። ስለ ካምቢዮ ግን አንድ ገጽ ሙሉ ይሄድበታል፤ የትኛው ሞዴል የትኛውን ጥርስ ቶሎ እንደሚበላ፣ ደንበኛው በተሳሳተ ስም ጠርቶት ሲመጣ ከድምፁ ብቻ እንዴት እንደሚለይ ይተርካል። የቀድሞ አለቃውን አላነሣም ብሎ ይጀምርና ሦስት ጊዜ ያነሣቸዋል። "እኛ ሠራተኞች" ብሎ የከፈተው ረጅም ዐረፍተ ነገር፣ ግሱ መጨረሻ ላይ እስኪደርስ ባለቤቱ ይጠፋበትና "ይደክማሉ" ብሎ ይዘጋዋል። በ"እርስዎ" ጀምሮ ሲሞቀው "አየህ" ይላል፤ ደንግጦ ወደ "እርስዎ" ይመለሳል። ስልክ ቁጥሩን መጻፍ ይረሳል። (ይህን የመጨረሻውን እኔ በግሌ ከማንኛውም ማረጋገጫ በላይ አምናለሁ።) ደብዳቤው ጎደሎ ነው፤ የጎደለው ግን ሰውየው በሌለበት በኩል ነው፣ የሞላውም ባለበት።

በስፌት የተሳሳተው ደብዳቤ ግን ልምዱ፣ ክህሎቱና ሥነ ምግባሩ ሦስት ሆነው እንደተሰለፉ ናቸው፤ አንቀጾቹ እኩል፣ መግቢያውና መዝጊያው እንደተጨባበጡ። የመደብሩ ባለቤት የሚያዩት ሰው ሳይሆን ማሽንም ነው፣ ቸልተኛም ነው፤ የሁለቱን ጉድለት አንድ ላይ አግኝተዋል። ያን ዕለት ሌላም ማመልከቻ ደርሷቸው ኖሯል፤ በእውነት ጆሮው "ደምበኛ" ያለው፣ ብዕር ያልለመደ ሠራተኛ የጻፈው። እሱንም ከወዲያኛው ጋር ወደ ጎን ገፉት፤ ዛሬ ስህተት ሁሉ ከገበያ የተገዛ መሰላቸው። ሰፊዎቻችን ለምስኪን ተሳሳቾች የዋሉት ውለታ ይህ ነው።

ነጋዴዎቹ ይህንንም ሲሰሙ ዝም አይሉም። በቅርቡ "ዝንጋታ እንጨምርልዎ? ወሬ እናዛባልዎ?" ማለታቸው አይቀርም። ግን ምኑን እንደሚረሳ፣ ስለ ምን ሲያነሣ ወሬ እንደሚያበዛ ለማወቅ ደንበኛውን አስቀምጠው ስለ ካምቢዮው ሊጠይቁት ነው፤ እሱም አንድ ሰዓት ሙሉ ይነግራቸዋል፤ በዚያ ሰዓት ውስጥ ማመልከቻውን ራሱ ጽፎ፣ ስልኩን ረስቶ፣ ለመጻፍ ተመልሶ ይጨርስ ነበር።