አውራ ጣትም ታመመ

«ስንት ፐርሰንቱ ተበልቷል?» የምትል ጥያቄ ሰው ታጣላለች ብዬ አስቤ አላውቅም። ጅማ ያለው አጎቴ ከጓሮው አንድ የቡና ቅጠል ቀጥፎ፣ ቅጠሉን በአንድ እጁ ስልኩን በሌላው ይዞ፣ በጣም አስጠግቶ አነሳና በቴሌግራም ላከልኝ። ከፎቶው ሥር የጻፈው ይህችኑ ጥያቄ ነበር።

አንድ ነገር ግን ሳይነገረው አውቆበታል፤ ያነሳው የቅጠሉን ጀርባ ነው። የቡና ቅጠል ዝገት ከላይ ሲያዩት የደበዘዘ ቢጫ ነጥብ ብቻ ነው። ብርቱካንማው ዱቄት ያለው ከታች ነው፤ ፈንገሱ ስፖሩን የሚያወጣው በጀርባው ባሉት መተንፈሻ ቀዳዳዎች በኩል ነውና። የቡና ቅጠል ፊቱ ደግሞ ያብረቀርቃል፤ ብርሃን ሲያርፍበት ፎቶው ላይ ነጭ ጠባሳ ይሠራል። ጀርባው ፈዛዛ ስለሆነ እንዲህ ያለ ጣጣ የለበትም።

አጎቴ የራሱን ግምት አስቀድሞ ሰጥቷል፦ «ግማሹ የለም።» ፎቶውን ስንዴ ላይ ለሚሠራ ጓደኛዬ አሳየሁት። ለአፍታ አየት አደረገና «15» አለ፤ ከዚያ በኋላ ወደ ማኪያቶው ተመለሰ።

የአጎቴ «ግማሽ» ከየት እንደመጣ ለመገመት አይከብድም። ዓይን የተበታተኑ ትናንሽ ነጥቦች ሲያይ ስፋታቸውን ሳይሆን ብዛታቸውን ይቆጥራል። ያንኑ የሚያህል ስፋት አንድ ላይ ሰብስባችሁ በአንድ ትልቅ ቁስል ብታሳዩት በጣም ያነሰ ቁጥር ይነግራችኋል። በሽታው ገና ጥቂት ሳለ ነው ይህ ማጋነን የሚብሰው። ባለ ቡናው ራሱ ገማች ሲሆንማ ሐዘኑም አብሮ ይመዘናል።

የጓደኛዬ 15 ግን ሌላ ታሪክ አለው። የስንዴ ዋግ የሚገመግሙ ሰዎች የሚጠቀሙበት መለኪያ መነሻው ናታን ኮብ የተባለ ሰው በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ አውስትራሊያ ውስጥ ያዘጋጃቸው ሥዕሎች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1948 ተሻሽሎ አሁን በምናውቀው መልኩ፣ የዚህ መለኪያ 100 ማለት ከቅጠሉ ስፋት 37 በመቶው በዋግ ተሸፈነ ማለት ነው፤ የዋግ ብጉር ከዚያ በላይ ቦታ አይሸፍንም በሚል ሒሳብ። ስለዚህ ጓደኛዬ «15» ሲል የእውነተኛው ስፋት 5.5 በመቶ ገደማ ነው። በዶላር አስልቶ በብር የነገረኝ ያህል ነበር፤ እኔም ምንዛሬውን ሳልጠይቅ ተቀበልኩት።

እንግዲህ ዳኛ ያስፈልጋል ብዬ ImageJ የሚባለውን ነፃ ፕሮግራም ከፈትኩ። ሥራው በወሬ ደረጃ ቀላል ነው። መጀመሪያ የቅጠሉን ዙሪያ ትከቡና በ Edit > Clear Outside ከክቡ ውጭ ያለውን ታጠፋላችሁ። ቀጥሎ በ Image > Adjust > Color Threshold የዝገቱን ቀለም ትመርጣላችሁ። በመጨረሻ የተመረጠውን ፒክስል ለቅጠሉ ፒክስል አካፍላችሁ በ100 ታባዛላችሁ። ሬሾ ስለሆነ ማስመሪያ እንኳ አጠገቡ ማስቀመጥ አያስፈልግም።

ውጤቱ 13 በመቶ ሆነ። ጥሩ፣ ለጓደኛዬም ይቀርባል ብዬ ደስ ሊለኝ ሲል የተመረጠውን ቦታ አስተዋልኩ። ቅጠሉ ግርጌ ላይ ካሉት ቁስሎች ሁሉ የሚበልጥ አንድ ትልቅ ሞላላ ቁስል ተቀምጧል፤ ጥፍርም አለው። የአጎቴ አውራ ጣት ነው። የሰው ቆዳና የቡና ዝገት ቀለማቸው ለኮምፒውተር አንድ ሠፈር ናቸው፤ ከተቆጠረው «በሽታ» ውስጥ ከግማሽ በላዩ አጎቴ ራሱ ነበር።

ደወልኩለት። «ጋሼ፣ ቅጠሉን ነጭ ወረቀት ላይ ያስተኙልኝ። ጥላ ውስጥ፣ ስልኩን ከላይ ቀጥ አድርገው፣ ጫፉ ሳይቆረጥ ሙሉውን።»

«ጣቴስ?»

«ጣትዎ አይግባ።»

«ጣቴ ምን አደረገህ?» አለ፤ ላከልኝ ግን። ማዘንበል የሌለበት ፎቶ ያስፈለገኝ ለሌንሱ የቀረበው ጎን ካለቦታው ስለሚተልቅ ነው። ሙሉው ቅጠል ያስፈለገኝ ደግሞ ሰው አስጠግቶ ሲያነሳ ሁልጊዜ የታመመውን ወገን ወደ መሐል አምጥቶ ጤነኛውን ጫፍ ስለሚቆርጠው ነው። አካፋዩ ከተቆረጠ ፐርሰንቱ ያለ በሽታ ያድጋል።

አሁን ቅጠሉ ንጹሕ ነው። በማስመሪያ ለካልኝ፦ ርዝመቱ 14፣ ወርዱ 6 ሴንቲ ሜትር። የቡና ቅጠል ስፋት የርዝመትና የወርድ ብዜት ሁለት ሦስተኛ ገደማ ስለሚሆን 56 ካሬ ሴንቲ ሜትር እንበለው። ቁስሎቹ አሥር ናቸው፤ የብርቱካንማው ዱቄት ዲያሜትር በአማካይ 6 ሚሊ ሜትር። አሥሩ ተደምረው 2.8 ካሬ ሴንቲ ሜትር ይሆናሉ፤ 5 በመቶ።

ነገር ግን እያንዳንዱ ቁስል ዙሪያውን ቢጫ ቀለበት አለው። ቀለበቱን ከጨመርን ዲያሜትሩ 10 ሚሊ ሜትር ይደርሳል። ሁለት ሚሊ ሜትር በየጎኑ ምን አላት ትላላችሁ፤ ስፋት ግን በካሬ ነው የሚያድገው፤ ያው ቅጠል 14 በመቶ ታመመ ማለት ነው። ስፖር የሚያፈራውን ብቻ እየቆጠርን ነው ወይስ አረንጓዴነቱን ያጣውን ሁሉ? ለዚህ ፕሮግራሙ መልስ የለውም። ጠቋሚውን ወደ ቢጫ ትንሽ ስትገፉት በፈቃደኝነት ይከተላችኋል፤ ወደ ብርቱካን ስትመልሱትም እንደዚያው። የሚለካው ሰው ቅጠል ከማየቱ በፊት ቀለበቱ ይቆጠር አይቆጠር ወስኖ መጻፍ አለበት፤ ካየ በኋላ የሚወስን ሰው የሚፈልገውን ቁጥር ነው የሚያገኘው። ቁስሉ ሲያረጅ ደግሞ መሐሉ ሞቶ ይጠቁራል። ብርቱካን ብቻ ፈልግ የተባለ ኮምፒውተር ይህን እምብርት ዘልሎት ያልፋል፤ ክፉኛ የቆየው ቁስል ቀሎ ይታያል። እኔ የሞተውንም በእጄ ከብቤ ጨመርኩት፣ ቀለበቱን ተውኩት፣ 5 አልኩ።

«አምስት?» አለ አጎቴ። ቅር ብሎታል። «እና ልርጭ አልርጭ?»

ይህን ደግሞ አንድ ቅጠል አይመልሰውም። የተላከው ከዛፉ ሁሉ የባሰው ይሁን መካከለኛው አላውቅም፤ ፎቶ የሚልክ ሰው ደግሞ ጤነኛውን መርጦ አይልክም። ከዚህም የከፋ ነገር አለ። ዝገት ክፉኛ የያዘው ቅጠል ይረግፋል፤ የረገፈ ቅጠል ፎቶ አይነሳም። ዛፍ ላይ በቀሩት ቅጠሎች ብቻ አማካይ ብትሠሩ በሽታው ሲብስ ቁጥሩ ሊሻሻል ይችላል።

«ጋሼ፣ ከሥሩ የወደቀ ቅጠል አለ?»

«እሱንማ ጠርጌ አቃጠልኩት።»

ደግነቱ ቡና ቅጠሉን ጥንድ ጥንድ አድርጎ ነው የሚያወጣው፤ በየአንጓው ሁለት። የረገፈውም ጠባሳውን ትቶ ይሄዳል። ከአንድ ቅርንጫፍ ጫፍ ጀምሮ አንጓ እንዲቆጥር ነገርኩት፤ ወደ ግንዱ ያሉት አሮጌዎቹ በዕድሜም ስለሚወድቁ እነሱን እንዲተው። ስምንት አንጓ ቆጠረ፤ 16 ቅጠል መሆን ነበረበት። ያሉት 9 ናቸው። ሰባቱ የሉም፤ 44 በመቶ።

«ግማሹ የለም አላልኩህም?» አለና ስልኩን ዘጋው።