ጥፋተኛው ሻንጣ

አየር መንገዶች ዘግይቶና ተሰብሮ ስለመጣ ሻንጣ የሚቀርብላቸውን አቤቱታ የሚመረምሩበት ጥበብ የሚገባውን ክብር አላገኘም፤ በዚህ ጥበብ ተከሳሹ ሻንጣው፣ አለፍ ሲልም ባለቤቱ እንጂ አጓጓዡ አይደለምና።

ለአብነት ያህል ከዋሽንግተን ተነሥቶ ቅዳሜ ጥር 3 ቀን 2017 ዓ.ም. አዲስ አበባ የገባ፣ በማግሥቱ የእህቱ ሠርግ ያለበት መንገደኛ ይታሰብ። ሻንጣው ስለቀረበት የሻንጣ ጉድለት ሪፖርት የሚባለውን ቅጽ እዚያው አስሞልቶ ወጣ፤ ሙሉ ልብስ በ14,000፣ ጫማ በ6,000፣ የውስጥ ልብስና መላጫ በ3,500 ብር ገዛ፤ ሻንጣውን ፍለጋ ለተመላለሰበት ታክሲም 2,400 ብር ከፈለ። ሻንጣው ጥር 8 ቀን ብቅ ሲል አንድ ጎማው ወልቋል፤ ጎማው በነበረበት ቀዳዳም የባለቤቱ ካልሲ አጮልቆ ያያል።

መንገደኛው 25,900 ብሩንና የ120 ዶላሩን ሻንጣ ዋጋ ከነደረሰኙ ዘርዝሮ፣ የሻንጣውን ቁጥር ከያዘችው ቁራጭ ወረቀት ጋር አያይዞ አቤቱታ ጻፈ። የ1999ኙ (እ.ኤ.አ.) የሞንትሪያል ስምምነት፣ ማለትም የዓለም አቀፍ በረራ አጓጓዦችን ኃላፊነት የሚደነግገው ውል፣ ስለ ጉዳት የሚቀርብ አቤቱታ ሻንጣውን በተረከቡ በ7 ቀን፣ ስለ መዘግየት የሚቀርበው ደግሞ በ21 ቀን ውስጥ በጽሑፍ እንዲሰጥ ወይም እንዲላክ ያዛል። ውሉ ቀን የሚለው የሥራ ቀንን ብቻ ስላልሆነ ከተራም ጥምቀትም ይቆጠራሉ፤ ታቦት ሲሸኝ የዋለ ምእመን ጥር 15 ቀን ካለፈው ለጎማው ተስፋ የለውም። ለአየር መንገዱ መልስ ግን ውሉ ቀን አልቆረጠም፤ ጥሞና ጊዜ ይፈልጋል መሰል።

ከሁለት ወር ጥሞና በኋላ የመጣው መልስ ጎማ ከሻንጣው አካል ወደ ውጭ የወጣ ክፍል በመሆኑ ስብራቱ «በአገልግሎት የሚደርስ ተራ ጉዳት» ነው ይላል። ውሉ አጓጓዡን ነጻ የሚያደርገው ጉዳቱ ከሻንጣው ከራሱ ጉድለት ወይም ባሕርይ የመጣ ሲሆን ነው፤ እንግዲህ ጎማ ሆኖ መፈጠር ራሱ ጉድለት መሆኑ ተደረሰበት ማለት ነው። ስለ ልብሱ ደግሞ መንገደኛው ሙሉ ልብሱን ወደፊትም ስለሚለብሰው አልተጎዳም ተባለ፤ በዘገየ ሻንጣ የተጠቀመበትን ያህል አለማስከፈላቸውም ቸርነት ነው። የካሳው ጣሪያ በወቅቱ 1,519 ልዩ የመሳቢያ መብት፣ ይኸውም ዓለም አቀፉ የገንዘብ ድርጅት ከአምስት ገንዘቦች ዋጋ የሚቀምረው መለኪያ ሲሆን፣ ወደ 2,000 ዶላር ይጠጋል። አየር መንገዱ ግን ወደ ጣሪያው ቀና ማለቱን ትቶ፣ ለቀጣይ በረራ ብቻ የሚያገለግል የ50 ዶላር ኩፖን ላከ፤ ኩፖኑ በአንድ ዓመት ውስጥ ካልተሠራበት ይቃጠላል፤ ቀኑም የሚቆጠረው ደብዳቤው ከተጻፈበት ዕለት ጀምሮ ነው።