«ኢዝ» ጎድላ እንድትቀር የሚያደርግ መልመጃ አዘገጃጀት

ተማሪያችሁ «ሺ ኢዝ ታይርድ» ማለት ሲገባት «ሺ ታይርድ» እያለች እንድትኖር ከፈለጋችሁ መልመጃውን በባዶ ቦታ ጀምሩ። ሰሌዳው ላይ «ማይ ሲስተር ____ ኤ ነርስ» ብላችሁ ጻፉ፤ በቅንፍ ውስጥም «አም፣ ኢዝ፣ አር» የሚሉ ምርጫዎችን አስቀምጡ። እንዲህ ያለ ሃያ ዓረፍተ ነገር ስጧት። ምናልባት ሃያውንም ትደፍናለች። እናንተም «ቨርብ ቱ ቢ አልቋል» ብላችሁ ወደሚቀጥለው ምዕራፍ እለፉ።

ስህተቱን ለማቆየት ከዚህ የተሻለ ዘዴ አላውቅም። ባዶው መስመር «እዚህ ጋ አንድ ቃል ጎድሏል» ብሎ ነግሯታል፤ የቀረላት ከሦስቱ አንዱን መምረጥ ብቻ ነው። እሷን የቸገራት ግን ምርጫው አይደለም። ቃሉ የሚያስፈልግበትን ቦታ ራሷ ማወቅ አለባት፤ ደብተሯ ላይ በራሷ ስትጽፍ ደግሞ መስመር የሚያሰምርላት የለም። ስለዚህ በፈተናው ሙሉ ነጥብ ያገኘች ተማሪ በማግስቱ እንዲህ ያለ አንቀጽ ልታመጣ ትችላለች፦

«ማይ ሲስተር ነርስ። ሺ ዎርክስ አት ናይት። ቱዴይ ሺ ታይርድ። አወር ዊንዶው ብሮክን፣ ዘ ሩም ኮልድ። ቱሞሮው ሺ ዊል ስሊፕ፣ ሺ ዊል ሃፒ።»

ይህን አንቀጽ ስታዩ ሁለተኛውን ምክር ተግባራዊ አድርጉ፦ «‹ኢዝ› ማለት ‹ነው› ማለት ነው፤ በአማርኛ ‹ነው› ባለበት ሁሉ ‹ኢዝ› አስገቢ» በሏት። ታምናችኋለች፤ ስህተቱም አብሯት ይቆያል።

ለምን እንደሆነ ለማየት አንቀጹን ተማሪዋ በልቧ ወዳሰበችበት ወደ አማርኛው እንመልሰው። «እህቴ ነርስ ናት። ሌሊት ትሠራለች። ዛሬ ደክሟታል። መስኮታችን ተሰብሯል፤ ክፍሉ ይበርዳል። ነገ ትተኛለች፤ ደስ ይላታል።» በእንግሊዝኛው «ቢ» የሚያስፈልግባቸው ቦታዎች አምስት ናቸው፦ «ነርስ»፣ «ታይርድ»፣ «ብሮክን»፣ «ኮልድ» እና «ሃፒ» ላይ። በአማርኛው ግን ከነዚህ ውስጥ «ናት» ያለችው አንዷ ብቻ ናት። መድከም፣ መሰበር፣ መብረድ እና ደስ መሰኘት በእኛ ቋንቋ ራሳቸውን የቻሉ ግሶች ናቸው። «ደክሟታል» ያለ ሰው ዓረፍተ ነገሩን ጨርሷል፤ የሚጨምረው ነገር የለም። በእንግሊዝኛ ግን «ታይርድ» ቅጽል ስለሆነ ብቻውን ዓረፍተ ነገር አያቆምም። ተማሪዋ የሰነፈች ወይም የቸኮለች አይደለችም፤ ሙሉ ግስ የተናገረች መስሏት ነው። ይህን ሳያዩ «አታስተውይም?» ብሎ መቆጣት ያሳዝነኛል።

«እህቴ ነርስ ናት» ላይስ ለምን ጎደለች? እዚህ ቦታዋ ተለውጧል። አማርኛ «ናት»ን መጨረሻ ላይ ያስቀምጣል፣ እንግሊዝኛ መሐል ላይ። ተማሪዋ «ማይ ሲስተር» ካለች በኋላ የሚቀጥለው ሐሳቧ «ነርስ» ነው፤ ያንን ስትናገር መሐሉ አልፏል። «አይ አም ኤ ስቱደንት» የሚለውን ግን አትስትም፤ እንደ አንድ ቃል በቃሏ ይዛዋለችና። «ማይ ሲስተር» ወይም «ዘ ሩም» ሲመጣ ያ የተሸመደደ ጥንድ አይረዳትም። ስለዚህ የመልመጃዎቻችሁ ባለቤት ሁልጊዜ «አይ» ብቻ ከሆነ ችግሩ ጨርሶ አይታያችሁም። («ኤ» የምትባለውም ከ«ነርስ» በፊት ጎድላለች፤ በአንድ ቀን ሁለቱንም አታርሙ።)

ሦስተኛው ምክር፦ ገጹን ሙሉ «ቢ» በሚያስፈልጋቸው ዓረፍተ ነገሮች ብቻ ሙሉት። ተማሪዋ ሳታስብ በየቦታው ማስገባት ትለምዳለች፤ በሳምንቱም «ሺ ኢዝ ዎርክስ» እና «አይ አም አግሪ» ይዛ ትመጣለች። አንዱ ጉድለት ሳይዘጋ ሌላ ትርፍ ተከፈተ ማለት ነው።

ይህ ሁሉ እንዳይሆን የምትሹ ግን መልመጃውን ያለ ባዶ ቦታ አዘጋጁ። አሥር ዓረፍተ ነገር ይበቃል። አራቱ «ቢ» የጎደላቸው፣ ሦስቱ የተሟሉ፣ ሦስቱ ደግሞ ሌላ ግስ ስላላቸው «ቢ» የማያስፈልጋቸው ይሁኑ፤ ተደባልቀው ይሰለፉ። ትእዛዙም «የጎደለ ካለ ቦታውን አሳይተሽ ጨምሪ፤ ከሌለ እንዳለ ተዪው» የሚል ይሁን። «ዘ ቲቸር ሌት» እና «ዘ ቲቸር ፎርጎት» ጎን ለጎን ሲቀመጡ ተማሪዋ እውነተኛውን ጥያቄ ትጠየቃለች። በአማርኛ «ዘገየ» እና «ረሳ» ሁለቱም ግስ ናቸው፤ በእንግሊዝኛ ግን «ሌት» ቅጽል ነው፣ «ፎርጎት» ግስ።

መለያ ዘዴም ስጧት፦ ከቃሉ በፊት «ቬሪ» ታስገባ። «ቬሪ ታይርድ»፣ «ቬሪ ኮልድ»፣ «ቬሪ ሃፒ»፣ «ቬሪ ሌት» ይባላል፤ ስለዚህ «ቢ» ያስፈልጋል። «ቬሪ ዎርክስ» እና «ቬሪ ፎርጎት» አይባልም፤ አያስፈልግም። ዘዴው ለሁሉም አይሠራም። «ነርስ» ስም ስለሆነ በ«ቬሪ» አይፈተንም። «ብሮክን»ም በዚህ አይያዝም፤ «ሰበረ»ን «ተሰበረ» የምታደርገዋን «ተ» እና በእንግሊዝኛ እሷን የሚተካውን «ቢ» ለብቻ ማስተማር ይሻላል። «ዊል» ደግሞ ተማሪዋን በተለየ ያታልላል፤ ረዳት ግስ ስላለ የተሟላ ይመስላል። «ሺ ዊል ስሊፕ» እና «ሺ ዊል ቢ ሃፒ» በአንድ ገጽ ላይ ደጋግመው ካልተያዩ «ሺ ዊል ሃፒ» ቶሎ አይለቅም።

ጆሮንም አትርሱ። ተናጋሪዎች «ሺ ኢዝ ሲክ» ብለው ለያይተው አይናገሩም፤ «ሺዝ ሲክ» ይላሉ፤ «ዝ»ዋም ከ«ስ» ጋር ስትገናኝ ትዋጣለች። «ዜይ አር ሌት»ም በንግግር ሲያጥር «አር»ዋ አትለይም። ተማሪዋ ያልሰማችውን አልጻፈችም። በየክፍለ ጊዜው አምስት አጫጭር ዓረፍተ ነገሮችን በተፈጥሯዊ ፍጥነት እያነበባችሁ አጽፏት፤ ከዚያ በሙሉው ቅርጽ ደግማ ትጻፋቸው።

ለውጥ መኖሩን የምታውቁት በቀይ እስክሪብቶ ምልክት ብዛት አይደለም። አጭር አንቀጽ የጻፈ ሁሉ ጥቂት ይሳሳታልና። ቁጠሩ፦ «ቢ» የሚያስፈልግባቸው ቦታዎች ስንት ናቸው? ስንቱ ተሞልቷል? የሕፃናትን አፍ መፍታት ያጠናው ሮጀር ብራውን በ1973 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፉ የተጠቀመው ስሌት ይህን ይመስላል፤ እሱ አንድን ቅርጽ እንደተያዘ የቆጠረው ከሚያስፈልግበት ቦታ ቢያንስ 90 በመቶው ላይ ሲገኝ ነው። ከላይ ባለው አንቀጽ ውጤቱ ከአምስት ዜሮ ነው። ያለ ቦታዋ የገባችውንም ለብቻ ቁጠሩ፤ እዚያ አንድም የለም። ከሁለት ሳምንት በኋላ በሌላ ርእስ አዲስ አንቀጽ አጽፉ። «ነርስ» እና «ታይርድ» ዓይነቶቹ ተሞልተው «ዊል ሃፒ» ዓይነቱ ብቻ ከቀረ፣ የሚቀጥለው መልመጃ ስለ «ዊል» ብቻ ይሁን፤ «አም፣ ኢዝ፣ አር»ን ከመጀመሪያው መድገም አያስፈልጋትም።