ጥሩ ጥያቄ ነው

የሠራተኞች ስብሰባው ቅጂ አንድ ሰዓት ከአርባ ደቂቃ ነው። አለቃዬ «ሦስት ነገር ብቻ አውጣልኝ፤ ማስታወቂያ፣ ጥያቄ፣ መልስ» አሉኝ። ቀላል መስሎኝ ነበር።

ማስታወቂያው ቶሎ አለቀ። ዋና ሥራ አስፈጻሚው አርባ ደቂቃ ተናግረው ቀን የተቆረጠለት ነገር ሁለት ብቻ ሆነ፤ አዲሱ ቅርንጫፍ በጥር ይከፈታል፣ የመኪና ማቆሚያው ከሰኞ ጀምሮ ይዘጋል። የቀረው ራእይ ነው። ራእዩን ማስታወቂያ ብዬ ብጽፈው ነገ ሠራተኛው «መቼ?» ብሎ የሚይዘው እኔን ነው።

ጣጣው መልሱ ላይ ነው። 58ኛው ደቂቃ ላይ አንዲት የሒሳብ ሠራተኛ ተነሥታ «የትራንስፖርት አበሉ ከመስከረም ጀምሮ ይጨመራል ተብሎ ነበር፤ የት ደረሰ?» አለች። ዋና ሥራ አስፈጻሚው «በጣም ጥሩ ጥያቄ ነው» አሉና፣ ድርጅቱ ሲመሠረት ስለነበረችው አንዲት ጠረጴዛ ስድስት ደቂቃ አወሩ። መጨረሻ ላይ «እናየዋለን» አሉ። ጭብጨባ።

ሦስቴ መልሼ ሰማሁት። ጠረጴዛዋ መልስ አይደለችም፤ አወጣኋት። በመልሱ ዓምድ «"እናየዋለን" (1:04)፤ ቀን አልተጠቀሰም» ብዬ የተባለውን ብቻ ጻፍኩ።

አለቃዬ አንብበው ፊታቸው ተለዋወጠ። «ይኼማ ያሳጣናል! "በጥናት ላይ ነው" በለው።»

ጥናት የሚል ቃል በቅጂው ሁሉ ፈለግኩ፤ የለም።

«ጥናቱን ማን ይዞታል ብለው ቢጠይቁኝስ?» አልኳቸው።

መነጽራቸውን አወለቁ። «ጥሩ ጥያቄ ነው» አሉ።