በቅንፍ ውስጥ የሚያለቅሰው ልጅ

የክፍል ድራማ ትእዛዝ አጭር ነው። ሁለት ገጸ ባሕርያት፣ አንድ ግጭት፣ ግልጽ የመድረክ መመሪያ። በመካነ ሰላምም ሆነ በቦረና፣ በሳይንትና በወግዲ ደጋ የሚያስተምር የአማርኛ መምህር ከዚህ የቀለለ የቤት ሥራ ከየት ያመጣል? ተማሪው ግን ያልታዘዘውን ሁሉ ጭኖ ይመጣል። ሁለት ሰው ሲባል ዐሥራ አንድ ይሆናል፤ ቡድኑ ዐሥራ አንድ ነዋ! ማንም ያለ ነጥብ መቅረት የለበትም። ስለዚህ ከአባትና ከልጅ ሌላ ደላላ፣ ፖሊስ፣ ሐኪም፣ ሦስት ሽማግሌና ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ ቃል ሳይተነፍስ የሚቆም “ጎረቤት” ይፈጠራል።

አንድ ግጭት የተባለውም እንዲሁ ነው። አባት ሰካራም ነው፤ እናት ታማለች፤ ልጅቷ ልትዳር ነው፤ ወንድሟ ወደ ዐረብ አገር ሊሄድ ሻንጣ ይዟል። ይህ ሁሉ በዐሥር ደቂቃ ማለቅ ስላለበት በስድስተኛው ደቂቃ አባትየው ይሞታል። በሰባተኛው ትዝታ በክራር ይመጣል። በዘጠነኛው ሽማግሌዎቹ ይመክራሉ፤ በዐሥረኛው የሞተው አባት ተነሥቶ ከሁሉም ጋር እጅ ይነሣል።

ድራማ ብሎ ሌላ ነገር የማቅረብ ልማድ ሥር የሰደደ ነው። ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ከውጭ ተመልሰው አዲስ አበባ ላይ “ቴአትር” የሚባለውን ሊያዩ ቢሄዱ ያገኙት ዘፈንና ጭፈራ ሆነባቸው። ተውኔት ምን እንደሆነ ለማሳየት ብለው “ፋቡላ፦ የአውሬዎች ኮሜዲያ”ን ጻፉ። ቤተ መንግሥቱ ግን ነገሩ ስለ አውሬ ብቻ እንዳልሆነ ገባውና ከለከለው። የአገራችን የመጀመሪያ ተውኔት የሚባለው እንግዲህ የተከለከለው ሰዎች ስለገባቸው ነው። የዛሬው የክፍል ድራማ ያ ሥጋት የለበትም።

ትልቁ ጉድ ያለው ቅንፉ ውስጥ ነው። ተማሪው የመድረክ መመሪያ ብሎ የሚጽፈው “(በጣም አዝኖ)”፣ “(ልቡ ተሰብሮ)”፣ “(ከሃያ ዓመት በኋላ)” ነው። ልብ ሲሰበር ከኋላ ወንበር አይታይም፤ ሃያ ዓመትም በመጋረጃ አልባ ክፍል አያልፍም። ተዋናዩም ምን እንደሚያደርግ ሲጠፋው ቅንፉን ከነነገሩ ያነበዋል፤ “እያለቀሰ፦ አባቴ ወዴት ሄድክ!” ይላል፣ አንዲት እንባ ሳይወጣው። “ወደ አዲስ አበባ ይሄዳል” የተባለው ደግሞ የክፍሉ በር አንድ ብቻ ስለሆነ ከጥቁር ሰሌዳው ጥግ ይቆማል፤ ጫማው ግን ገና መካነ ሰላም ነው።

በዚህ ላይ ጣሪያው ቆርቆሮ ነው። የበልግ ዝናብ ከጀመረ ምክሩም፣ ልቅሶውም፣ ክራሩም አይሰማም። ዝናቡ የማይደፍረው ነገር ቢኖር ተዋናዩ በእጁ የሚያደርገው ነው። ስለዚህ ደራሲው ሁለት ሰዎች የሚፈልጉትን አንድ ዕቃ ይምረጥ፤ ለሁለት የማይከፈል ይሁን፤ ሁለቱም ሰዎች እውነት ይኑራቸው። አንዱ ክፉ ሌላው ደግ ከሆነ ተመልካቹ ከመጀመሪያው ፈርዶ ስለጨረሰ ቀሪውን ጊዜ ወሬ ያወራበታል። በዚህ መንገድ አንድ ትዕይንት እንሞክር።

መብራት

(ሌሊት። የደጋ ቤት። መካከል ላይ ዱካ፤ ዱካው ላይ የበራ የሶላር መብራት። ልጅ መሬት ላይ ተቀምጦ ደብተሩን ወደ መብራቱ አስጠግቶ ያነባል። ከውጭ በግ ትጮኻለች። አያቱ እምዬ ባና ለብሳ ትገባለች፤ መብራቱን አንሥታ ወደ በሩ ትዞራለች።)

ልጅ፦ (ሳይነሣ የባናዋን ጫፍ ይይዛል።) እምዬ፣ ነገ እኮ ሚኒስትሪ ነው!

እምዬ፦ በጓስ ለነገ መች አለች? ምጥ ይዟታል።

ልጅ፦ በግ በጨለማ አይወልድም እንዴ?

እምዬ፦ ይወልዳል። ያምናው በጨለማ ተወለደ፤ ሲነጋ ሞቶ አገኘነው። (መብራቱን ወደ ደረቷ ታስጠጋለች።)

ልጅ፦ (ተነሥቶ በሩ ላይ ይቆማል።) እኔስ ብወድቅ?

እምዬ፦ (በነፃ እጇ ደብተሩን ታመለክታለች።) ይሄን በምን የገዛነው ይመስልሃል?

(ልጅ ደብተሩን ያያል። በጓ ረዘም አድርጋ ትጮኻለች። ልጅ ከበሩ ይርቃል፤ ደብተሩን ዘግቶ ዱካው ላይ ያስቀምጣል። መብራቱን ከእምዬ እጅ ይወስዳል።)

ልጅ፦ እርስዎ ብርድ አይምታዎ። ሲነጋ ይጠሩኝ እንጂ እንዳያስረፍዱብኝ።

(ልጅ መብራቱን ይዞ ይወጣል። እምዬ ደብተሩን አንሥታ ትገልጣለች፤ ዘቅዝቃ ነው የያዘችው። ወደ በሩ ታያለች። ደብተሩን ባናዋ ውስጥ ሸጉጣ ተከትላው ትወጣለች።)

እንግዲህ ቅንፉ ውስጥ “አዝኖ” የሚል የለም። አያትየዋ ማንበብ እንደማትችል ማንም አልተናገረም፤ የተዘቀዘቀው ደብተር ተናግሮታል። ለትምህርቱም እንደምታስብ ደብተሩን ሸጉጣ መውጣቷ ይበቃል። በጓ ከውጭ ብቻ ነው የምትሰማው፤ እውነተኛ በግ ክፍል ውስጥ ያስገባ ቡድን የራሱን ድራማ በበግ እንደሚያስበላ ይወቅ። መብራቱ ደግሞ በቀን ብርሃን ባይታይም ግድ የለም፤ የሚያስፈልገው ብርሃኑ ሳይሆን በማን እጅ እንዳለ መታየቱ ነው። መጀመሪያ ከዱካው ወደ አያትየዋ፣ በኋላ ከእሷ ወደ ልጁ ሄዷል፤ የግጭቱ መንገድም ይኸው ነው።

ልጁ በመጨረሻ የሚከፍለው ነገር እንዳለም ልብ ይሏል። ዋጋ ያልተከፈለበት ዕርቅ የሽማግሌ ምክር ይሆናል፤ ምክር ደግሞ ተማሪው በሰልፍ ላይ ጠዋት ጠዋት በነፃ ያገኛል። ደብተሩን ዘግቶ ሲወጣ ግን ተመልካቹ “ነገ ይወድቅ ይሆን?” ብሎ ይጠይቃል። ይህን ጥያቄ “ከሃያ ዓመት በኋላ ዶክተር ሆነ” ብሎ መመለስ ትዕይንቱን ይገድለዋል።

መመሪያው ግልጽ መሆን አለመሆኑን መፈተሽም ቀላል ነው። ንግግሩን ሁሉ በወረቀት ሸፍኖ ቅንፎቹን ብቻ ድራማውን ላላነበበ ጓደኛ መስጠት ነው። ጓደኛው በዝምታ ተነሥቶ፣ ይዞ፣ ዘግቶ፣ ወጥቶ ነገሩን ካሳየ ድራማው ሆኗል። “ምን ላድርግ?” ብሎ ከቆመ ግን ደራሲው ስሜት ጻፈ እንጂ ድርጊት አልጻፈም። ግራና ቀኝም የተዋናዩ ነው፤ ፊቱን ወደ ተመልካች አዙሮ ከቆመበት ይቆጠራል። ይህ ካልተነገረ አያትና ልጅ በሩ ላይ ግንባር ለግንባር ይጋጫሉ፤ ያኔ ግጭቶቹ ሁለት ይሆናሉ።

ለዐሥራ አንዱም መድኃኒት አለ፤ ቡድኑ ሁለት ሁለት እየሆነ ይከፈል። የቀረው አንዱ የበጓን ድምፅ ያሰማ። መምህራንም ሲያርሙ ከቅንፉ ይጀምሩ። አባትየው በስድስተኛው ደቂቃ የሞተበትን ወረቀት ደግሞ ነጥብ ሳይሰጡ ይመልሱት፤ ሟቹ ቢያንስ ሌላ ዕድል ይገባዋል።