ለአንድ ዓመት ሁለት ደብዳቤ

የግብር መሥሪያ ቤቶቻችንን በስንፍና የሚያማ ሰው ይፈር። ሰነፍ መሥሪያ ቤት ለአንድ የሒሳብ ዓመት አንድ ደብዳቤ መጻፍ ይከብደዋል፤ የእኛዎቹ ግን ሁለት ይጽፋሉ፣ ያውም እርስ በርሳቸው የሚጣሉ። አንድ ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር እንውሰድ። የ2015ን የሒሳብ ዓመት ትርፍ በቀነ ገደቡ፣ ከጥቅምት 30 ቀን 2016 በፊት፣ ለነበረበት ቅርንጫፍ አሳውቆ 300,000 ብር ከፈለ። ከዚያ ፋይሉ ወደ ሌላ ቅርንጫፍ ተዛወረ፤ ዶሴው ሲሄድ የክፍያው መረጃ ወደ ኋላ ቀረ። አዲሱ ቅርንጫፍ የ2015 መዝገብ ባዶ ሆኖ ቢያገኘው «አላሳወቃችሁም» ብሎ 480,000 ብር በግምት ወሰነ፤ ባለማሳወቅም የታክሱን 25 በመቶ፣ 120,000 ብር፣ ቀጣ። የቀድሞው ቅርንጫፍ በበኩሉ ጀምሮት የነበረውን ኦዲት ጨርሶ «ያሳወቃችሁት ጎድሏልና 90,000 ብር ጨምሩ» አለ።

ልብ ይበሉ፤ አንዱ ማሳወቂያው የለም ይላል፣ ሌላው ያንኑ የሌለውን ማሳወቂያ መስመር በመስመር መርምሮ ስህተት አግኝቶበታል። በአንድ ሚኒስቴር ማኅተም ሥር ተጽፎ እንዲህ ያለ ምጥቀት ላይ መድረስ ቀላል አይደለም። ላም ባልዋለበት ኩበት መልቀም የሚባለው እንኳ ይህን የግምት ስሌት አይገልጸውም፤ ላሟ ጎረቤት ቅርንጫፍ ታስራ እየታለበች ነውና። ለግብር ከፋዩ ግን ከዚህ የሚበልጥ ስጦታ የለም። የኦዲቱ ውሳኔ የተመሠረተው በተሰጠ ማሳወቂያ ላይ ነው፤ ስለዚህ ማሳወቂያው መኖሩን የሚመሰክረው ራሱ የመንግሥት ደብዳቤ ነው። የግምት ውሳኔው የቆመበት ብቸኛ ምሰሶ ደግሞ «አላሳወቀም» የሚለው ነው። ክርክሩ ስለ ትርፍ መጠን መሆኑ ቀርቶ ሁለቱ ደብዳቤዎች አብረው እውነት ሊሆኑ አለመቻላቸውን ማሳየት ብቻ ይሆናል። መጀመሪያ ግን ደብዳቤዎቹ በእርግጥ መጋጨታቸውን ማረጋገጥ ይገባል፦ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥሩ፣ የታክሱ ዓይነትና የሒሳብ ዘመኑ አንድ መሆን አለባቸው። አንዱ ስለ ተጨማሪ እሴት ታክስ፣ ሌላው ስለ ትርፍ ግብር ከሆነ ግጭት የለም፤ ያሉት ሁለት ዕዳዎች ናቸው።

አስተዋይ የሚባለው ነጋዴ ትንሿን 90,000 ከፍሎ ትልቁን «ስህተት መሆኑን ራሳቸው ያዩታል» ብሎ ይተዋል። ይህ ታላቅ እምነት ነው፤ በአዋጅ ቁጥር 983/2008 ዘንድ ግን ቦታ የለውም። በዚህ የታክስ አስተዳደር አዋጅ መሠረት በታክስ ውሳኔ ላይ ቅሬታ የሚቀርበው ውሳኔው በደረሰ በ21 ቀን ውስጥ በጽሑፍ ነው። ቀኑ ለእያንዳንዱ ደብዳቤ ለየብቻው ይቆጠራል። ያልተነካው የግምት ውሳኔ ጊዜው ሲያልፍ የጸና ዕዳ ይሆንና ባንክ ሒሳብ ላይ እግድ ወይም የክሊራንስ ክልከላ ሆኖ ይመለሳል። ስለዚህ ለአዲሱ ቅርንጫፍ ቅሬታ አጣሪ የሚገባው ማመልከቻ ውሳኔው ሙሉ በሙሉ እንዲሰረዝ ይጠይቃል፤ የማሳወቂያው ቅጂ፣ የ300,000 ብሩ የባንክ ደረሰኝ፣ የፋይል ዝውውሩ ደብዳቤ፣ ከሁሉም በላይ የቀድሞው ቅርንጫፍ የኦዲት ውሳኔ ይያያዙበታል። ለቀድሞው ቅርንጫፍ የሚቀርበው ቅሬታ ሌላ ነው፤ እዚያ የሚነሳው የ90,000 ብሩ ወጪና ገቢ ነው፣ ትክክል ሆኖ ከተገኘም ይከፈላል። ሁለቱን በአንድ ማመልከቻ መጠቅለል ሁለቱም «ለሌላው ቅርንጫፍ ይቅረብ» እንዲሉ መንገድ ይከፍታል፤ ይህን ዕድል ደግሞ አያሳልፉትም።

«ባለሙያው ጋ ሄዶ ማስረዳት አይቀልም ወይ?» የሚል ይኖራል። ይቀላል፣ ሻይም ይጋበዝበታል፤ ነገር ግን የቃል ማብራሪያ የ21 ቀኑን ቆጠራ አያቆምም። የሚያቆመው በገቢ ማኅተምና ቀን የተመታበት የማመልከቻ ቅጂ ነው። «የመረጃ ሥርዓቱ እየዘመነ ነው፣ ትንሽ ይታገሡ» ለሚለውም መልሱ ቀላል ነው፦ ትዕግሥት መልካም ነው፣ ቅጣትና ወለድ ግን አብረው አይታገሡም። ከሁሉ የሚከብደው ተቃውሞ «ፋይሉ ሲዛወር መረጃው መተላለፉን ግብር ከፋዩ መከታተል ነበረበት» የሚለው ነው። ከፊሉ እውነት ነው፤ ሲዛወር የሒሳብ መግለጫውን በእጁ ይዞ የሚሄድ ሰው ብዙ ይተርፋል። ግን መንግሥት ከራሱ ወደ ራሱ የሚልከውን መረጃ ነጋዴው ካደረሰ፣ ቢያንስ የፖስተኛ ደመወዝ ይቆረጥለት፤ ለጊዜው የሚከፍለው ሰው መልእክቱ ስለጠፋ የሚቀጣው ነው።

ቅሬታው ውድቅ ቢሆን በ30 ቀን ውስጥ ለታክስ ይግባኝ ኮሚሽን ይቀርባል፤ በ180 ቀን ውስጥ ውሳኔ ባይሰጥም መንገዱ ይከፈታል። የመግቢያው ዋጋ ግን ከተከራከሩበት ታክስ ግማሹን ማስያዝ ነው። በምሳሌያችን 240,000 ብር ማለት ነው፤ አንዱ ቅርንጫፍ አለ ያለውን ማሳወቂያ፣ ሌላው እንዲያየው ለማድረግ።