የሠንጠረዡ እግር

በአውሮፓ የጫማ ልኬት 42 ቁጥር ማለት 28 ሴንቲ ሜትር ነው። እግርዎ 26.5 ቢሆን አይደንግጡ፤ የተለካው የእርስዎ እግር ሳይሆን ጫማው የተሰፋበት ፎርማ ነው። እግሩማ እንደ ትርፍ ነገር ነው የሚታየው። በቁጥር ሠንጠረዡ ላይም አንዱ አምራች የእግርን ርዝመት ይጽፋል፣ ሌላው የጫማውን የውስጥ ሶል፤ ሁለቱም «ርዝመት» ብለው ያልፉታል።

ስፋቱ ደግሞ ይብሳል። እዚህ 10 ሴንቲ ሜትር፣ እዚያ 25። ሁለተኛው ለዝሆን የተሰፋ እንዳይመስልዎ! የመጀመሪያው ወረቀት ላይ የተነደፈውን እግር ከጎን እስከ ጎን ለካ፤ ሌላው ሜትሩን በጣቶቹ ሥር ዙሪያውን ጠመጠመ። የትኛውን እንደለኩ መጻፍ ግን ቀለም ያስፈጃል መሰለኝ።

ሻጩ ሠንጠረዥ አያስፈልገውም፤ «ሲጫሙት ይሰፋል» ይላል። ቆዳ ከሆነ በጎኑ እውነት አለው። በርዝመቱ በኩል ግን የሚሸነፈው አውራ ጣት ነው።